ካሮሴል ስንት ስላይድ ይበቃዋል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ኢንስታግራም 20 ስላይድ ከፈቀደ ብዙ ባደርገው ምን ይጎዳኛል?»

ያ ቁጥር የመተግበሪያው ጣሪያ ነው፤ ስለ ርዕሳችሁ የሚያውቀው ነገር የለም። ኢንስታግራም በ2017 ካሮሴልን፣ ማለትም በአንድ ፖስት ውስጥ እየተንሸራተቱ የሚታዩ ምስሎችን፣ ሲጀምር ጣሪያው 10 ነበር፣ በ2024 ወደ 20 ከፍ አደረገው። ቲክቶክ 35 ፎቶ ይቀበላል፣ ሊንክድኢን ደግሞ እስከ 300 ገጽ የሚደርስ ፒዲኤፍ። ርዕሱ ግን አንድ ነው፤ መተግበሪያ በተቀየረ ቁጥር አይረዝምም።

ቁጥሩን የሚወስነው አንባቢው አንድ ሥራ ጨርሶ እንዲወጣ በመንገዱ ላይ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ብዛት ነው። አንድ ርዕስ ይዘን እንየው፦ «የልደት ቀንዎን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ይቀይሩ»። ፎርም የሚሞላ ሰው በየጊዜው የሚፈልገው ነገር ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦ 1 ሽፋን፣ 2 ሰላምታ፣ 3 ለምን እንደሚጠቅም፣ 4 የዘመን አቆጣጠራችን ታሪክ፣ 5 ስለ 13ቱ ወራት፣ 6 «7 ይደምሩ»፣ 7 «8 ይደምሩ»፣ 8 እና 9 ለሁለት የተከፈለ የወራት ሰንጠረዥ፣ 10 ምሳሌ፣ 11 በየአራት ዓመቱ የሚመጣው ልዩነት፣ 12 የእሱ ምሳሌ፣ 13 ማጠቃለያ፣ 14 «ተከተሉን»።

አንባቢው የሚጠይቀው ግን አምስት ነገር ብቻ ነው። ዓመቱ ላይ ስንት ልደምር? የተወለድኩበት ወር የሚጀምረው በፈረንጆቹ ስንት ቀን ላይ ነው? እስቲ አንድ ሠርተህ አሳየኝ? ይሄ ሁልጊዜ ይሠራል? በማይሠራበት ጊዜስ? አምስት መልስና አንድ ሽፋን፣ ስድስት ስላይድ።

«ሁለተኛው ላይ መግቢያ ከሌለ ሰው ዱብ ዕዳ ይሆንበታል»

ሽፋኑን አይቶ ያንሸራተተ ሰው መግቢያውን አልፏል፤ መልሱን ሊያይ ነው የመጣው። ሰላምታና «ለምን ይጠቅማል» አንድም ጥያቄ ስለማይመልሱ መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ናቸው።

ሌላም ምክንያት አለ። ኢንስታግራም ሽፋኑን አይቶ ሳያንሸራትት ላለፈ ሰው ያንኑ ፖስት ሌላ ጊዜ ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ ሊያሳየው ይችላል። እዚያ «ሰላም ውድ ተከታዮቻችን» የሚል ከተቀመጠ ሁለተኛው ዕድልም ባከነ። «ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በፊት ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ይደምሩ» የሚል ከተቀመጠ ግን ሽፋኑን ያላየም ሰው ስለ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ሁለተኛውን ስላይድ ለብቻው አውጥታችሁ አንብቡት፤ ካልቆመ ቦታው እዚያ አይደለም።

«አንድ ስላይድ፣ አንድ ሐሳብ ነው ሕጉ»

ስላይድ በከንቱ የሚበዛው ከሁሉ በላይ በዚህ ሕግ ነው። አባባሉ ጥሩ ነው፣ ችግሩ «ሐሳብ» የሚለው «ዓረፍተ ነገር» ተብሎ መወሰዱ ነው። 7 እና 8 መደመር ሁለት ሐሳብ አይደሉም፤ አንባቢው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፣ ለመምረጥ ደግሞ ጎን ለጎን ማየት አለበት። ሲለያዩበት አውራ ጣቱ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይመላለሳል። አንባቢ ለማነጻጸር ወደ ኋላ መመለስ ካስፈለገው ሁለቱ ስላይዶች አንድ ይሁኑ።

ሰንጠረዡም እንደዚያው ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10 እያለ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6 ላይ ሲደርስ 13 መስመር ይሆናል። ብዙ ሰው «አይገባም» ብሎ ይከፍለዋል። እንለካው፦ 1080 በ1350 ፒክስል በሆነ ስላይድ ላይ ለርዕስና ለኅዳግ 300 ፒክስል ብንተው 1050 ይቀራል፤ ለ13 ሲካፈል ለእያንዳንዱ መስመር 80 ፒክስል ያህል ይደርሰዋል። 44 ፒክስል የሆነ ፊደል ያለ ጭንቀት ይቀመጥበታል።

የመክፈል ምክንያት የሚሆነው የፊደሉ መጠን ነው። በዚህ ስፋት ላይ ከ36 ፒክስል ገደማ በታች ስትወርዱ ስልክ ላይ «ቡ» እና «ቢ»፣ «ሉ» እና «ሊ» መለየት ያቅታል፤ የግዕዝ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትንሿ ቅጥያ ላይ ነውና። ከዚያ በፊት ግን ቃላት ቀንሱ፤ ካልሆነ ክፈሉ።

«ምሳሌ ማብዛት ስላይድ ማባከን ነው፣ ሕጉን ካወቁ ይበቃቸዋል»

እዚህ ላይ መቁረጥ አደገኛ ነው። መጋቢት 10 ቀን 1985ን እንቀይር። ከጃንዋሪ በኋላ ስለሆነ 8 ደምረን 1993። መጋቢት 1 ማርች 10 ነው። አሁን ብዙ ሰው 10 ሲደምር ማርች 20 ይልና በአንድ ቀን ይስታል። መጋቢት 1 ራሱ ስለተቆጠረ የሚደመረው 9 ነው፦ ማርች 19 ቀን 1993። ይህን ስህተት ሰንጠረዡ አይከላከልም፤ ምሳሌው ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሁለተኛው ምሳሌም የሚቆየው የተለየ ጉዳይ ስለሚያሳይ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ከእሱ በፊት የነበረው ጳጉሜን 6 ቀን ነበረው፤ ስለዚህ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ የአንድ ቀን ልዩነቱም እስከ የካቲት 21 ይዘልቃል። ጥቅምት 5 ቀን 1988 በሰንጠረዡ ብቻ ቢሠራ ኦክቶበር 15 ቀን 1995 ይሆናል፤ ትክክለኛው ግን ኦክቶበር 16 ነው። ሦስተኛ ምሳሌ ብትጨምሩ ግን ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ይደግማል፤ እሱ ይውጣ።

«ታሪኩን ስንት ቀን ለፍቼበት እንዴት እቆርጠዋለሁ?»

አትጣሉት፣ አዛውሩት። ሁለቱ አቆጣጠሮች የተለያዩት በክርስቶስ ልደት ዓመት ስሌት መሆኑ ደስ የሚል ንባብ ነው፣ ፎርም ለሚሞላ ሰው ግን አንድ ቀን አያስቀይረውም። አንድ አንቀጽ ከሆነ ከፖስቱ ሥር ይግባ፤ ኢንስታግራም እዚያ 2,200 ሆሄ ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ራሱን የቻለ ሌላ ካሮሴል ነው፣ ሽፋኑም «ለምን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሆንን?» ይባል። ስለ 13ቱ ወራት የሚያወራው አምስተኛ ስላይድ ግን ሰንጠረዡ ላይ ስለሚታይ የትም አይሄድም፣ በቃው።

«መጨረሻ ላይ ማጠቃለያና ‹ተከተሉን› የግድ ነው»

ስድስት ስላይድ ያነበበ ሰው ከደቂቃ በፊት ያየውን አልረሳም፤ ማጠቃለያው የሚነግረው አዲስ ነገር የለም። የገጻችሁ ስም በመጨረሻው ምሳሌ ግርጌ በትንሹ ይቀመጥ።

ከመለጠፋችሁ በፊት ስድስቱን በቴሌግራም እንደ አንድ አልበም ለማያውቀው ሰው ላኩለት፤ አልበም 10 ፎቶ ይይዛል፣ ይበቃል። «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ ሁሉም ገብቶኛል ነው የሚለው። የራሱን የልደት ቀን ቀይሮ ይላክላችሁና ከመታወቂያው ላይ ካለው ጋር ሳይሆን ራሳችሁ ከሠራችሁት ጋር አስተያዩት። በአንድ ቀን ከሳተ የምሳሌው ስላይድ ላይ «9 ይደመራል» የሚለው አልጎላም ማለት ነው። በአንድ ዓመት ከሳተ ችግሩ ሁለተኛው ስላይድ ላይ ነው።