«በተጨማሪም»ን ብታጠፉት ጽሑፉ አይድንም

«ጽሑፉን ቻትጂፒቲ ነው ያዘጋጀልኝ። ‹በተጨማሪም›፣ ‹ይሁን እንጂ› ምናምን የሚሉትን ግን አጥፍቻለሁ። አሁን ሰው የጻፈው ይመስላል አይደል?»

አይመስልም። አርታዒ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ መስማት ሰልችቶኛል። ጠያቂዎቹ ቃላቱን ፈልገው አጥፍተው፣ ጽሑፉ እንደዳነ እርግጠኛ ሆነው ነው የሚመጡት። ጽሑፉ ግን አልዳነም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ብሶበታል፤ ለምን እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። ምሳሌውን ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት። በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ ከሚወድቀው ግን ብዙም አይለይም፦

«የፋይል ቅጂ መያዝ ጠቃሚ፣ አስፈላጊና ወሳኝ ነው። በተጨማሪም፣ ሃርድ ዲስክ በማንኛውም ጊዜ ሊበላሽ ይችላል። ከዚህም ባሻገር፣ ቅጂው ከኮምፒውተሩ ርቆ መቀመጥ አለበት። ይሁን እንጂ፣ ብዙ ሰዎች ቅጂያቸውን አይፈትሹም። ስለሆነም፣ መደበኛ፣ ተከታታይና አስተማማኝ አሠራር ያስፈልጋል።»

ላይ ላዩን ሲያዩት ጥሩ ነው። ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ሥርዓት አለው። አሁን ማያያዣዎቹን አጥፉና ደግማችሁ አንብቡት። የሚቀሩት አምስት የተበታተኑ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አራተኛውን ሁለተኛ አድርጉት፣ ሦስተኛውን መጨረሻ ውሰዱት፤ ምንም አይጎድልም። ቅደም ተከተሉ ቢቀያየርም ልዩነት ከሌለው፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ከመጀመሪያውም አልተያያዙም ነበር ማለት ነው። ማያያዣዎቹ ይህን ሸፍነውት ነበር። ማጥፋት ገለጠው እንጂ አላስተካከለውም።

እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይስማማኛል። ቀጥሎ ያለውን ሥራ ግን ማንም መሥራት አይፈልግም። እያንዳንዱ ማያያዣ አንድ ነገር ይናገራል፤ «በዚህና በዚያ መካከል ይህን የመሰለ ዝምድና አለ» ይላል። እውነት አለ ወይ ብላችሁ አንድ በአንድ መጠየቅ አለባችሁ።

«በተጨማሪም» የሚለውን እንይ። ሃርድ ዲስክ ሊበላሽ መቻሉ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ የተጨመረ ሌላ ነጥብ ነው? አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ነው። ቅጂ የምንይዘው ዲስክ ስለሚበላሽ ነው። ጸሐፊው «ስለ» ማለት ሲገባው ደመረ።

«ከዚህም ባሻገር» ደግሞ የጎደለ ነገር ደብቋል። ቅጂው ለምንድን ነው ከኮምፒውተሩ ርቆ የሚቀመጠው? ጽሑፉ አይናገርም። መልሱ ቀላል ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ ሌባ ወይም እሳት ሁለቱንም ይወስዳቸዋል። ይህ ካልተነገረ ምክሩ ትእዛዝ ብቻ ነው።

«ይሁን እንጂ» ከምን ጋር ነው የሚጻረረው? «ቅጂው ርቆ መቀመጥ አለበት» ከሚለው ጋር? ምንም ተቃርኖ የለም። «ስለሆነም» ብሎ የደመደመው ዓረፍተ ነገርማ ጭራሽ ባዶ ነው። ከላይ ካለው የሚከተል ነገር የለበትም፤ ስለ ጥርስ መቦረሽ በተጻፈ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ቢለጠፍም ይሄዳል።

ጥያቄዎቹን ከመለስን በኋላ አንቀጹ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሃርድ ዲስክ ሳያስጠነቅቅ ሊበላሽ ስለሚችል የፋይሎቻችሁን ቅጂ ያዙ። ቅጂው ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ግን ሌባ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፤ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። አልፎ አልፎም አንድ ፋይል ከቅጂው ላይ አውጥታችሁ ክፈቱ። ብዙ ሰው ቅጂው እንደማይከፈት የሚያውቀው ዋናው ከጠፋ በኋላ ነው።»

ማያያዣ አልጠፋም። «ስለ» አለ፣ «ግን» አለ፣ «አልፎ አልፎም» ላይ ያለችው «ም» አለች። ልዩነቱ ሁሉም እውነተኛ ሥራ መያዛቸው ነው። «ግን»ን ብታነሱት ዓረፍተ ነገሩ ይጎዳል። ዓረፍተ ነገሮቹንም እንደ ልብ ማቀያየር አይቻልም።

ሌላም የታያችሁ ነገር ካለ፣ «ስለ» እና «ም» የተቀመጡት ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ነው። አማርኛ ሐሳብን ከሐሳብ የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ እዚያው ግሡ ላይ ነው። «ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጨቀየ» ስንል ምክንያቱም ቅደም ተከተሉም «ጥሎ» ውስጥ አለ። «ዝናብ ጣለ። በመሆኑም፣ መንገዱ ጨቀየ» ብሎ የሚያወራ ሰው አላውቅም። ዓረፍተ ነገር በጀመረ ቁጥር ማያያዣ ከነነጠላ ሠረዙ ፊት ለፊት ሲሰቀል፣ ከሥር ያለው አወቃቀር የእንግሊዝኛ ነው። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ የቋንቋ ሞዴሎች በብዛት ያነበቡት እንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛ ሲጽፉ ይህ ጎልቶ ይታያል።

ይህን ለመያዝ የምጠቀምባት ዘዴ አለች። የየዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ቃል ብቻ ከላይ ወደታች አንብቡ። «በተጨማሪም፣ ከዚህም ባሻገር፣ ይሁን እንጂ፣ ስለሆነም» እያለ የሚወርድ ከሆነ፣ ቁጭ ብሎ ዝምድናዎቹን መመርመር ያስፈልጋል።

«‹በተጨማሪም› የበዛበት ጽሑፍ ማሽን የጻፈው ነው።»

ይሄኛውስ ሰውን ይጎዳል። ማሽኑ ቃላቱን የተማረው ከሰው ነው። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ገለጥ አድርጉ፤ «ፖለቲካዊ፣ ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ» የሚለው ሰልፍ የቋንቋ ሞዴል ሳይታሰብ በፊት እዚያ ተሰልፎ ነበር። አንዲት ደንበኛዬ መምህሯ «ይህ ያንቺ አይደለም» ብሎ የመለሰባትን ጽሑፍ ይዛ መጣች። ረቂቁ በእጇ የተጻፈ፣ ሥርዝ ድልዝ የሞላበት ነበር። «ከዚህም ባሻገር» ማብዛቷ እውነት ነው። ትምህርት ቤት እንዲህ ጻፊ ተብላ ነው ያደገችው።

በመሣሪያ እንለያለን የሚሉም አሉ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 መለያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ፈተና፣ ማሽን ከጻፋቸው የእንግሊዝኛ ጽሑፎች መካከል የማሽን ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ የለየው 26 በመቶውን ብቻ ነው። ሰዎች ከጻፏቸው ደግሞ 9 በመቶውን በስህተት የማሽን ነው ብሏል። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ተዘጋ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎችም በ2023 ሰባት መለያዎችን ፈትነው ነበር። መለያዎቹ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ከጻፏቸው ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የማሽን ብለው ፈረጇቸው። በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የሚተማመንባቸውን የተለመዱ ቃላት ይደጋግማል፤ መለያዎቹ ያጠመዱት እሱን ነው። ስለዚህ እባካችሁ ማያያዣ እየቆጠራችሁ ሰው አትክሰሱ።

«ቻትጂፒቲ ሦስት ሦስት የሚደረድረው የሚናገረው ሦስት ነገር ስላለው ነው።»

አንዳንዴ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚወስነው ልማድ ነው። የቋንቋ ሞዴል የሚጽፈው ቁራጭ በቁራጭ ነው፤ እስካሁን የተጻፈውን አይቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ይገምታል። ሁለት ቅጽል በነጠላ ሠረዝ ከተደረደሩ ሦስተኛ መከተሉ በሰው ጽሑፍም የተለመደ ስለሆነ ይከተላል። ሦስተኛ ሐሳብ ኖረም አልኖረም ቦታው ይሞላል። «በተጨማሪም»ም እንዲሁ ነው፤ ከኋላው ምን ቢመጣ አይጋጭም።

ላዩ ላይ ደግሞ የሰዎች ምርጫ ተጨምሮበታል። ሞዴሉ ከብዙ ጽሑፍ ከተማረ በኋላ፣ ሰዎች መልሶቹን ጎን ለጎን እያዩ የተሻለውን ይመርጣሉ፤ ሞዴሉም ወደተመረጠው ዓይነት ይገራል። ኦፕንኤአይ ይህን ዘዴ በ2022 ባወጣው የኢንስትራክትጂፒቲ ጥናት ላይ ዘርዝሮታል። መራጩ የሚያያቸው መልሶች ብዙ ናቸው። ረዘም ያለና የተሰናዳ የሚመስል መልስ ዓይኑን ይስባል፤ ወደ ርዝመት ማድላት በዚህ ሥልጠና የታወቀ ችግር ነው። በ2025 የታተመ አንድ ጥናትም ትእዛዝ እንዲከተሉ የሠለጠኑ ሞዴሎች፣ ያንን ሥልጠና ካላገኙት ይልቅ ከሰው አጻጻፍ ርቀው እንደሚገኙ አሳይቷል።

የተሞላውን ሦስተኛ ለማወቅ ጣታችሁን አንዱ ላይ አድርጉና ምን ጎደለ በሉ። «ሥራውን ፈጣን፣ ቀልጣፋና ውጤታማ ያደርጋል» ከሚለው «ቀልጣፋ»ን ሸፍኑት። ምንም። «ፈጣን» ብሎታል። «ውጤታማ»ንም ሸፍኑት፤ ምን ውጤት እንደሆነ ስላልተነገረ እሱም አይቆጭም። የቀረው አንድ ቃል ነው፤ እሱም በስንት ፈጠነ የሚለውን ካልመለሰ ብዙ አይረባም። በምሳሌያችን «ጠቃሚ፣ አስፈላጊና ወሳኝ» የሚለው ሙሉ በሙሉ የወደቀው በዚህ ፈተና ነው።

«እንግዲያው ሦስት ሦስት መደርደር ክልክል ነው።»

ማን ከለከለ? ያስተካከልነው አንቀጽ ራሱ ሦስት ምክር አለው፦ ቅጂ ያዙ፣ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ከፍታችሁ ፈትሹ። አንዱን ካነሳችሁ ሰውየው ፋይሉን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሦስቱም ይቀመጣሉ።

«ትእዛዙ ላይ ‹በተጨማሪም አትበል› ብዬ ጽፌያለሁ፤ ይበቃል።»

«በተጨማሪም» ይጠፋና «ከዚህ ጎን ለጎን» ይመጣል። ሦስት አትደርድር ስትሉት አራት ይደረድራል፣ ወይም እንደ ጓደኛማቾች ሁለት ሁለት ያጣምራል። የከለከላችሁት ቃሉን ነው፤ ቃሉ የቆመበት ክፍት ቦታ እንዳለ ነው። የሚሻለው ምክንያቶቹን ራሳችሁ መስጠት ነው። «ስለ ፋይል ቅጂ አንቀጽ ጻፍ» ከማለት ይልቅ ዲስክ ሳያስጠነቅቅ እንደሚበላሽ፣ ሌባ ሁለቱንም እንደሚወስድ፣ ያልተፈተሸ ቅጂ ላይከፈት እንደሚችል ጽፋችሁ ስጡት። ከዚያ የሚመጣውንም በጣትና በመጀመሪያ ቃላት ፈትኑት። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ይህን ሁሉ ዘርዝራችሁ ከጻፋችሁ አንቀጹ ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው፤ ራሳችሁ ብትጨርሱት ይፈጥናል።