የሞቱበት ቀን፣ የተነገረበት ቀን፣ የተቀበሩበት ቀን፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

እኛ ሰፈር፣ ከአያት አልፎ ጣፎ በኩል፣ አንድ ጎረቤታችን ቅዳሜ ማታ አረፉ። ቤተሰቡ ሌሊቱን ድምፁን አጥፍቶ አደረ። የእድሩ ጥሩምባ የተነፋው እሁድ ንጋት ላይ ነው። ልጃቸው ከውጭ እስኪገባ ተጠብቆ ማክሰኞ ተቀበሩ። ድንኳን ውስጥ ሁለት እናቶች አርባውን ሲቆጥሩ አልተስማሙም። አንዷ ከቅዳሜ፣ ሌላዋ ከማክሰኞ ጀመሩ።

አንድ ሞት፣ ሦስት ቀን። በእኛ ቤት ልዩነቱ ቢበዛ የቀናት ነው። ሟቹ ንጉሥ ሲሆን ግን ጥሩምባው በሥልጣን ላይ ባለው እጅ ነው፤ መቼ እንደሚነፋ የሚወስነው እሱ ነው።

አፄ ኃይለ ሥላሴን እንውሰድ። የሞቱበት ቀን ተብሎ የሚጻፈው ነሐሴ 21 ቀን 1967 ነው። ሕዝቡ በሬዲዮ የሰማው በማግስቱ፣ ነሐሴ 22 ነው። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1993። ከሞቱ እስከ ቀብሩ ከ25 ዓመት በላይ ነው! አስከሬናቸው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ ከኮንክሪት ሥር ወጣ። ከዚያም እስከ ቀብሩ ድረስ በበዓታ ለማርያም ቆየ።

እንግዲህ አንዱ «ነሐሴ 22 ሞቱ» ብሎ ቢጽፍ የጻፈው የሬዲዮውን ቀን ነው። እንዲህ ያለ ስህተት በቀላሉ ይለያል። ቀኑ ከጋዜጣ ወይም ከዜና የተወሰደ ከሆነ፣ ዜናው «ዛሬ» ይላል ወይስ «ትናንት» ብሎ ማየት ነው። «ትናንት አረፉ» የሚለውን ዜና በወጣበት ቀን መመዝገብ የተለመደ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ነሐሴ 21 ኦገስት 27 ነው፤ «ኦገስት 21» የሚል ካገኛችሁ ወሩን ቀይሮ ቀኑን የረሳ ሰው ነው።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የሞቱን ቀን የነገረን ያው አዋጅ ነጋሪው ነው። ደርግ በዚያው መግለጫ ንጉሡ በሕመም እንደሞቱ ተናገረ። ኋላ ፍርድ ቤት የደርግን ባለሥልጣናት በንጉሡ ግድያም ጥፋተኛ አላቸው። ምክንያቱ ወደቀ፣ ቀኑ ግን እንደተጻፈ ቀረ። ስለዚህ የተነገረበት ቀን ብዙ ምስክር አለው፤ አገር ሙሉ ሰምቶታል። ቀብሩም እንደዚያው። የሞቱን ቀን ግን ያዩት ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ብቻ ናቸው።

የዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ነው። የሥልጣን ሽኩቻ ስለተፈራ ሞታቸው ተደበቀ፣ አስከሬናቸውም እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀመጠ። ወሬው ግን ቀስ እያለ ከግቢው ወጣ። ጥሩምባው ሳይነፋ ለቅሶ የደረሰ ሰው ስንት ይሆን?