የሥርና የአብነት ሥነ ምዕላድ በሴማዊ ቋንቋዎች

በሴማዊ ቋንቋዎች ቃል የሚመሠረተው ከፊትና ከኋላ ቅጥያ በመጨመር ብቻ አይደለም። «ሰበረ»፣ «ይሰብራል»፣ «ይስበር» እና «ስባሪ» የሚጋሩት ስ-ብ-ር የተባሉትን ሦስት ተነባቢዎች ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚገቡት አናባቢዎችና የተነባቢዎቹ መጥበቅና መላላት ከቃል ቃል ይለያያሉ። ተነባቢዎቹ ሥር፣ የቃሉን ርዝመትና አወቃቀር የሚወስነው ደግሞ አብነት ይባላል። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ የአብነት ልዩነት ከዓይን ይልቅ በጆሮ ይለያል፦ በ«ሰበረ» ላይ ሁለተኛው ተነባቢ ይጠብቃል፣ በ«ይሰብራል» ላይ ይላላል፤ በ«ፈለገ» እና በ«ይፈልጋል» ግን በሁለቱም ይጠብቃል። ስለዚህ ተናጋሪው ሥሩን ብቻ ሳይሆን ግሡ የትኛውን የአብነት ምድብ እንደሚከተል ጭምር ማወቅ አለበት።

ቃልን በአንድ መስመር የተደረደሩ ድምፆች አድርጎ የሚያይ ትንተና፣ ስ-ብ-ር እርስ በርስ ሳይጎራበቱ አንድ ምዕላድ መሆናቸውን የሚገልጽበት መንገድ የለውም። መፍትሔው የመጣው ከቃና ጥናት ነው። ጆን ጎልድስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ኦቶሴግመንታል ንድፈ ሐሳብ ቃና ከድምፆቹ ተለይቶ በራሱ ረድፍ ላይ ይቀመጥና በማገናኛ መስመር ከእነርሱ ጋር ይያያዛል። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንኑ ሐሳብ ወደ አረብኛ ግሥ አመጣው። በእርሱ ትንተና ሥሩ በአንድ ረድፍ፣ አናባቢዎቹ በሌላ ረድፍ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው የተነባቢና የአናባቢ ቦታዎችን ብቻ የያዘ አጽም አለ፤ C የተነባቢን፣ V የአናባቢን ቦታ ያመለክታል። ክ-ት-ብ የተባለው ሥር CVCVC ላይ ሲያርፍ «ጻፈ» የሚለውን ግሥ፣ CVCCVC ላይ ሲያርፍ መካከለኛው ተነባቢ የጠበቀበትን «አስጻፈ» የሚለውን ግሥ ይሰጣል።

የዚህ ትንተና ጥንካሬ የሚታየው ተነባቢዎች ከቦታዎቹ ሲያንሱ ነው። በአረብኛ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተነባቢ አንድ ዓይነት የሆነባቸው ግሦች ብዙ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚመሳሰሉባቸው ግን የሉም ማለት ይቻላል። ጆሴፍ ግሪንበርግ ይህን እ.ኤ.አ. በ1950 መዝግቦት ነበር። ማካርቲ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ በሥሩ ረድፍ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ድምፆች ጎን ለጎን መቆም እንደማይፈቀድላቸው፣ ማያያዙም ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ይገልጻል። ስ-ም በሦስት የተነባቢ ቦታዎች ላይ ሲያርፍ ስ የመጀመሪያውን፣ ም ሁለተኛውን ይይዛል፤ የቀረው ቦታ ም ወደ እርሱ በመዘርጋት ይሞላል። ውጤቱ «ሰመም» ነው፤ «ሰሰም» ሊሆን አይችልም። የአማርኛዎቹ «ነደደ» እና «ወደደ» ከዚህ ጋር ይስማማሉ። «ቀቀለ» ግን አይስማማም፤ ስለዚህ ሕጉ በአማርኛ ዝንባሌ እንጂ የማይጣስ ድንበር አይደለም።

አጽሙ ራሱ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፤ ቦታዎችን እየቆጠረ ስለሚሠራ ከሚፈለገው በላይ ልቅ ነው፣ በየትኛውም ቋንቋ የማይገኝ አብነትንም እንዲሁ ይፈቅዳል። ማካርቲና አለን ፕሪንስ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያቀረቡት የፕሮሶዲ ሥነ ምዕላድ አብነት የሚገነባው ከቀለም፣ ማለትም በአንድ አናባቢ ዙሪያ ከሚቋጠር የድምፅ ክፍል፣ እና ቀለሞች ከሚጣመሩበት ከምት እግር ነው ይላል። በአጭር አናባቢ የሚያልቅ ቀለም ቀላል፣ ረጅም አናባቢ ያለው ወይም በተነባቢ የሚዘጋ ደግሞ ከባድ ይባላል። ዋናው ማስረጃቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት የአረብኛ ብዙ ቁጥር ትንተና ነው። «ጁንዱብ» (ፌንጣ) «ጀናዲብ» ይሆናል፤ «ሱልጣን» ደግሞ «ሰላጢን»። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ከነጠላው ቃል የመጀመሪያው ከባድ ቀለም፣ ማለትም «ሱል»፣ ይነጠላል። ተነባቢዎቹ ስ እና ል አንድ ቀላልና አንድ ከባድ ቀለም ባለው እግር ላይ ያርፉና «ሰላ» ይሆናሉ፤ የላ አናባቢ ረጅም ነው። ቀሪው «ጣን» እንዳለ ይከተላል፤ የሚለወጠው የአናባቢው ዓይነት እንጂ ርዝመቱ አይደለም። ለዚህ ነው የ«ሰላጢን» መጨረሻ ረጅም፣ የ«ጀናዲብ» መጨረሻ አጭር የሆነው። በአጽም ትንተና ሁለት የተለያዩ አብነቶች ያስፈልጋሉ፤ ርዝመቱ ከነጠላው የተወረሰ መሆኑም ሳይገለጽ ይቀራል።

ከግእዝ የወረስናቸው ብዙ ቁጥሮችም ይህንኑ ቅርጽ ይዘዋል። በ«ድንግል» እና «ደናግል» ግእዙ «ደ» የጥንቱን አጭር፣ ራብዑ «ና» የጥንቱን ረጅም አናባቢ ይወክላሉ፤ ቀላልና ከባድ በተራቸው ማለት ነው። «ኮከብ» «ከዋክብት» ሲሆን ወ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄም በዚሁ ይፈታል። «ኮ» የተገኘው ከጥንቱ «ከው» ነው፤ አረብኛ እስካሁን «ከውከብ» ይላል። ብዙ ቁጥሩ ክ እና ው የተባሉትን ሁለት ተነባቢዎች ወስዶ «ከዋ» ያደርጋቸዋል፤ በነጠላው በአናባቢ ውስጥ የተሰወረው ው በራሱ ቀለም ይገለጣል።

አብነት ሥርን ብቻ ያያል የሚለው ግምት ግን ከዘመናዊው ዕብራይስጥ ተቃውሞ ገጥሞታል። ከ«ፕራክሊት» (ጠበቃ) የወጣው ግሥ «ፕሪክሌት» በመነሻው የተጣመሩትን ፕር እንዳሉ ይጠብቃል። አምስቱ ተነባቢዎች ተነጥለው ወጥተው በባዶ አብነት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቢደረደሩ ኖሮ፣ የትኞቹ ተጣምረው እንደነበሩ የሚያስታውስ ነገር ባልኖረ ነበር። ኡቲ ባት-ኤል እ.ኤ.አ. በ1994 ከዚህ ተነስታ፣ ግሡ የሚሠራው ሥር በማውጣት ሳይሆን የመነሻውን ቃል አናባቢዎች በመተካት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበች።