«የለም ማለት አይቻልም»፦ የራዲዮሎጂ ሪፖርት ቃላት ለታካሚ ሲደርሱ

የራጅ ወይም የሲቲ ስካን ሪፖርት ውስጥ ሦስት አነጋገሮች ይደጋገማሉ። «ሊሆን ይችላል» ከብዙ ግምቶች አንዱ ነው ማለት ነው። «ሳይሆን አይቀርም» ሚዛኑ ወደዚያ ያደላል። ሦስተኛው «የለም ማለት አይቻልም» ነው፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አባት በሁለተኛው ቀን ያስላቸውና የደረት ራጅ ይነሳሉ። ሪፖርቱ እንዲህ ይላል፦ «በቀኝ ሳንባ ታችኛው ክፍል ነጭ ጥላ ይታያል። አየር አጥቶ የተጨማደደ ክፍል ሳይሆን አይቀርም። የሳንባ ምች የለም ማለት አይቻልም።»

ራጅ ላይ አየር ጥቁር ሆኖ ይታያል። አየሩ ከጠፋ ቦታው ይነጣል። ያጠፋው መግልም ይሁን መጨማደድ፣ ነጩ ያው ነጭ ነው። የተጨማደደ ሳንባ አንዳንዴ አጠገቡ ያለውን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ያ ከታየ መለየት ይቻላል። ትንሽ ከሆነ ግን አይታይም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስሉ ስለሚያም ሰው በደንብ አይተነፍስም፤ ስለዚህ መጨማደድ የተለመደ ነው። ራዲዮሎጂስቱ ወደዚያ ያዘነበለው ለዚህ ነው። ታካሚውን አላያቸውም፤ በእጁ ያለው «ሳል» የምትል የማዘዣ ወረቀት ብቻ ናት።

ልጃቸው ሪፖርቱን አንብቦ «የሳንባ ምች አለባቸው እያሉ ነው!» ይላል። አልፈርድበትም። በአማርኛችን «የለም ማለት አይቻልም» ስንል አብዛኛውን ጊዜ «አለ» ለማለት ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን ትርጉሙ «ይህ ምስል ብቻውን ሁለቱን አይለይልኝም» ነው።

የሚለየው አልጋው ዳር ያለው ሐኪም ነው። ትኩሳት ከሌላቸው፣ አክታ ከሌለ፣ ነጭ የደም ሴላቸው ካልጨመረ፣ በጥልቀት እንዲተነፍሱና ተነስተው እንዲራመዱ ይደረጋል። ትኩሳቱ 38.8 ቢሆንና አክታው ቢወፍር ኖሮ ያው ዓረፍተ ነገር ወደ አንቲባዮቲክ ይወስድ ነበር።

ችግሩ ሐረጉ ከልማድ ወይም ከተጠያቂነት ፍርሃት የተነሳ በየሪፖርቱ ሲጨመር ነው። ያኔ ሐኪሙም ማየቱን ይተወዋል። ጥሩ ሪፖርት ጥርጣሬውን ከጻፈ በኋላ ምን እንደሚያጠራው ይናገራል፦ «ትኩሳት ካለ ራጁ ይደገም» ብሎ።

በጡት ምርመራ ቃላቱ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ባይራድስ በሚባለው ምደባ 3ኛው ደረጃ «ጉዳት የሌለው ሳይሆን አይቀርም» ይባላል፤ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ቢበዛ 2 በመቶ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር በኋላ ዳግም ይታያል። 5ኛው 95 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ቁጥሩ ያልተነገራት ሴት ግን «ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን ብቻ ይዛ ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ታጣለች።