ዳገት ላይ የሚሞላ መሠረት፦ ሲሚንቶው ለምን ሳይታሰብ ያልቃል?

ሱሉልታ ዳር አንድ ጓደኛዬ የቤቱን ግድግዳ መሠረት ሲያስሞላ አብሬው ነበርኩ። ቦታው ወደ ወንዙ ያዘቀዝቃል። 18 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሳንቲ ወርድ፣ 25 ሳንቲ ውፍረት፤ እያንዳንዳቸው 25 ሳንቲ ከፍታ ባላቸው ሦስት ደረጃዎች ይወርዳል። ሂሳቡ 2.7 ሜትር ኪዩብ ተባለና ዕቃው በዚያ ልክ ገባ። ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ሲቀር ሲሚንቶ አለቀ። ቀሪው በሁለተኛው ቀን ተሞላ፤ መሠረቱ መሃል ላይ አሮጌና አዲስ ኮንክሪት የተገናኙበት መስመር ቀረ። እኔ እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ነገር ስሰማ እነዚህን አራት አባባሎች አገኛለሁ።

«ርዝመት በወርድ በውፍረት ማባዛት ነው፤ ደረጃው ምን ይጨምራል?»

ይጨምራል፤ ያውም በየደረጃው። የላይኛው ኮንክሪት የታችኛው ጫፍ ላይ ብቻ ተነካክቶ አይቆምም። በላዩ ላይ ወጥቶ መደራረብ አለበት፣ አለዚያ ደረጃው ላይ ይሰነጠቃል። የተለመደው ደንብ እንዲህ ነው፦ መደራረቢያው ከደረጃው ከፍታ እጥፍ፣ ከኮንክሪቱ ውፍረት እና ከ30 ሳንቲ ትልቁን ይይዛል። እዚህ የ25 እጥፍ 50 ስለሆነ መደራረቢያው 50 ሳንቲ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሙሉውን ርዝመት እንደ ሜዳ አስበህ ታባዛለህ፤ 18 × 0.60 × 0.25 = 2.7። ከዚያ ለእያንዳንዱ ደረጃ መደራረቢያውን በወርዱ፣ እሱንም በደረጃው ከፍታ ታባዛለህ፤ 0.50 × 0.60 × 0.25 = 0.075። ደረጃዎቹ ሦስት ስለሆኑ 0.225 ይሆናል። ድምር 2.925።

ልብ በል፣ በመጨረሻ ያባዛነው በደረጃው ከፍታ ነው እንጂ በኮንክሪቱ ውፍረት አይደለም። እዚህ ሁለቱም 25 ስለሆኑ ልዩነቱ አይታይም። ደረጃው 15 ሳንቲ ቢሆን ኖሮ ግን በውፍረቱ ያባዛ ሰው አንዱን ኮንክሪት ሁለቴ ይቆጥራል። ደረጃው ደግሞ ከውፍረቱ መብለጥ የለበትም። መሬቱ 40 ሳንቲ ከወረደ ሁለት ደረጃ አድርገህ አስቆፍረው።

«ሜትሩን ቁፋሮው ውስጥ ለቆ መሬቱን ተከትሎ መለካት ይበቃል»

ሜትሩ እያንዳንዱን ደረጃ ሲወርድ ቁመቱንም እንደ ርዝመት ይቆጥራል። 18 የነበረው 18.75 ይሆናል። አንዳንዱ «እሱ ትርፉ ለመደራረቢያው ይሆናል» ይላል፤ ግን 75 ሳንቲው የሚሰጥህ 0.11 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው፣ የሚያስፈልገው ደግሞ 0.225። ሜትሩን አግድም ወጥረህ ያዝ፣ ጫፉን በቱምቢ አውርድ። የደረጃውን ከፍታ በውሃ ቱቦ አረጋግጥ፤ በዓይን የተገመተ ደረጃ ያሳስታል።

«ፕላኑ 60 ሳንቲ ነው የሚለው፣ 60 እንይዛለን»

ትልቁ ጉድለት የመጣው ከዚህ ነው። መሠረቱ ያለ ጣውላ፣ አፈሩ ላይ በቀጥታ ነበር የሚሞላው። ኮንክሪቱ ፕላኑን አያነብም፣ የተቆፈረውን ጉድጓድ ይሞላል። ድንጋያማ መሬት ላይ አንድ ድንጋይ ሲነቀል ጎኑ አብሮ ይናዳል፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ የባሰ ነው። በኋላ በየክፍሉ ሦስት ቦታ ስንለካ አማካዩ ወርድ 68 ሳንቲ ሆኖ ተገኘ። ስምንት ሳንቲ ለዓይን ምንም አይደለችም። ሂሳቡን በ68 እንደገና ስትሠራው ግን ሜዳው 3.06፣ ደረጃዎቹ 0.255፣ ድምሩ 3.315 ይመጣል። ከ2.7 ጋር ያለው ልዩነት 0.615 ሜትር ኪዩብ ነው። ያንን በአንድ ሜትር ርዝመት በሚገባው 0.17 አካፍለው፤ 3.6 ሜትር። ያልሞላችው ያቺ ጫፍ ማለት ናት!

ስለዚህ ሲሚንቶ የሚታዘዘው ቁፋሮው አልቆ፣ ልቅ አፈሩ ከወጣ በኋላ የራሱ የቁፋሮው ወርድ ተለክቶ ነው። በፕላኑ ልክ አስቀድመህ ካዘዝክ ቢያንስ ቁፋሮው ሲያልቅ ዳግም ለካ።

«3 ኪዩብ ኮንክሪት ከ3 ኪዩብ አሸዋና ጠጠር ይወጣል»

አሸዋውና ሲሚንቶው የጠጠሩ ክፍተት ውስጥ ይገባሉ፣ ስለዚህ ደረቁ ዕቃ ሲቦካ ይቀንሳል። የተለመደው ማባዣ 1.54 ነው። የኛ 3.315 በደረቁ 5.1 ገደማ ይሆናል። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ከሆነ 1.7 ሜትር ኪዩብ አሸዋ፣ 2.55 ጠጠርና 25 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ይፈልጋል። ለ2.7ቱ የገባው 20 ከረጢት ነበር።