አነስተኛ በጀት ላለው አጭር ፊልም የአኒሜሽን ስልት ስለመምረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ገንዘብ ከሌለ ካትአውት ይሠራ፤ ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ነው።»

ይህን የሚወስነው በፊልሙ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ በእርግጥ የሚንቀሳቀሱት ለስንት ሰከንድ እንደሆነ ነው። በካትአውት አሠራር የገጸ ባሕርዩ ጭንቅላት፣ ክንድ፣ መዳፍ እና እግር ለየብቻ ይሳላሉ፤ እያንዳንዱም ክፍል የሚዞርበት ነጥብ ከተሰጠው በኋላ ሁሉም ተገጣጥመው እንደ አሻንጉሊት ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ድካሙ አስቀድሞ አሻንጉሊቱን በመገንባት ላይ ያልቃል፤ ፍሬም በፍሬም በእጅ ሲሳል ግን ዝግጅቱ ጥቂት ሆኖ ድካሙ በየሰከንዱ ይመጣል። በጀቱ እጅግ ትንሽ በሆነ ፊልም ላይ ዋናው ወጪ የአንድ ወይም የሁለት ሰው የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ሒሳቡን በቀን መሥራት ይሻላል።

የሦስት ደቂቃ ፊልም እንውሰድ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሰዓት የሚጠግኑ አዛውንት እና አንዲት ልጅ አሉ፣ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሰውም አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አሻንጉሊት መገንባት አምስት ቀን፣ በድምሩ 10 ቀን ይፈጃል ብለን እናስብ፤ ከዚያ በኋላ በቀን ስድስት ሰከንድ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ፍሬም በፍሬም የሚሠራ ሰው ደግሞ በቀን 40 ያለቀላቸው ስዕሎች ያወጣል፤ ለአንድ ሰከንድ 12 ስዕል የሚበቃ ከሆነ በቀን ሦስት ሰከንድ ከጥቂት ማለት ነው። በዚህ ግምት እንቅስቃሴው 60 ሰከንድ ብቻ ከሆነ በእጅ መሳሉ 18 ቀን፣ ካትአውቱ 20 ቀን ይወስዳል። እንቅስቃሴው 120 ሰከንድ ሲደርስ ግን በእጅ የሚሳለው 36 ቀን፣ ካትአውቱ 30 ቀን ይሆናል። ሁለቱ የሚገናኙት 75 ሰከንድ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ሠሪ ፍጥነት የተለያየ ስለሆነ ቁጥሮቹ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ሾት በሁለቱም መንገድ ሠርቶ የራስን ፍጥነት መለካት፣ ከዚያም በአኒማቲኩ፣ ማለትም የስቶሪቦርዱ ስዕሎች በየቆይታቸው ተደርድረው በሚታዩበት ቪዲዮ ላይ እንቅስቃሴ ያለባቸውን ሰከንዶች መቁጠር ያስፈልጋል።

ይህ ሒሳብ የሚፈርሰው ልጅቷ ዞር ስትል ነው። ከጎን የተሳለ አሻንጉሊት ፊቱን ወደ ተመልካች ማዞር አይችልም፤ ለእያንዳንዱ አዲስ እይታ አብዛኛው ክፍል እንደገና መሳል አለበት፣ ይህም የዝግጅቱን ቀን በቀላሉ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ሌላው ችግር መገጣጠሚያው ነው፤ ክርን በብዛት ሲታጠፍ በላይኛው እና በታችኛው ክንድ መካከል ክፍተት ይታያል ወይም የአንዱ ጫፍ ይሾልካል። መፍትሔው የሁለቱም ክፍሎች ጫፍ በማዞሪያው ነጥብ ዙሪያ እኩል ስፋት ያለው ክብ እንዲሆን መሳል እና በሚደራረቡበት ቦታ የዳር መስመሩን አለማስገባት ነው። አሻንጉሊቱ ከመጽደቁ በፊት ቁጭ ብሎ፣ እጁን ከጭንቅላቱ ኋላ አድርጎ እና ጎንበስ ብሎ ይሞከር፤ በእነዚህ ሦስት አቋሞች ያልተቀደደ አሻንጉሊት በሌሎቹ ብዙም አያስቸግርም።

«ፍሬም በፍሬም ከሆነ ለአንድ ሰከንድ 24 ስዕል መሳል ግዴታ ነው፤ ለአንድ ሰው የማይታሰብ ነገር ነው።»

ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ቢታይም፣ አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ማቆየት ከጥንት ጀምሮ የተለመደ አሠራር ነው፤ ከላይ የጠቀስነው 12 የመጣውም ከዚህ ነው። ለዝግተኛ እንቅስቃሴ አንዱን ስዕል ለሦስት ፍሬም ማቆየትም ይቻላል፤ ያኔ ስምንት ስዕል ይበቃል። 24ቱም የሚያስፈልጉበት ጊዜ ግን አለ። ካሜራው የሚራመድ ገጸ ባሕርይን እየተከተለ ሲሄድ ዳራው በየፍሬሙ ስለሚንሸራተት፣ በየሁለት ፍሬሙ ብቻ የሚለወጠው ገጸ ባሕርይ በዳራው ላይ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። አነስተኛ በጀት ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ሾት ከስቶሪቦርዱ ቢያወጣው ብዙ አይጎዳም።

አዛውንቱ ሰዓቱን ዝም ብለው የሚመለከቱበት የአምስት ሰከንድ ሾት 120 ፍሬም አለው፤ ነገር ግን አንዱን ስዕል ሦስት ጊዜ በላዩ ላይ እንደገና ስሎ ሦስቱን እያፈራረቁ ማሳየት ይበቃል፤ መስመሩ በትንሹ ስለሚርገበገብ ሰውዬው ሕይወት ያለው ይመስላል። በተግባር ቀኑን የሚበላው ከንድፉ ይልቅ ንጹሑን መስመር ማውጣት እና ቀለም መቀባቱ ነው። 60 ሰከንድ እንቅስቃሴ 720 ስዕል ነው፤ አዛውንቱ ስምንት መስመር ያለው ሸሚዝ ከለበሱ 5,760 የሸሚዝ መስመር መሳል ሊኖር ነው። ሸሚዙ አንድ ቀለም ይሁን፤ በዚህ ስልት ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ገጸ ባሕርዩ ሲነደፍ ነው።

«ብሌንደር በነፃ ስለሚገኝ ስሪዲ ዛሬ ወጪ የለውም፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሠራዋል።»

በ2025 የኦስካር ሽልማት ያገኘው «ፍሎው» በብሌንደር የተሠራ ሙሉ ፊልም ነው፤ በጀቱ ግን 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ነፃው ሶፍትዌሩ እንጂ የሰው ጉልበት አይደለም። በስሪዲ አካሉን መቅረጽ፣ ውስጡ አጥንት ማስገባት፣ ቆዳው ከአጥንቱ ጋር እንዲታጠፍ ማስተካከል፣ ቀለም መስጠት እና ብርሃን ማዘጋጀት አንድ ሰከንድ እንኳ ከመንቀሳቀሱ በፊት ይጠናቀቃሉ። ማንቀሳቀሱ ራሱ ከካትአውት ብዙም የማይፈጥን ስለሆነ፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ በሚረዝም ፊልም ይህ ሁሉ ዝግጅት ተመልሶ የማካካስ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ከዚያ በኋላ ሬንደር፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ፍሬም አስልቶ ወደ ምስል የሚቀይርበት ሥራ አለ። ሦስት ደቂቃ 4,320 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም አምስት ደቂቃ ከፈጀ ኮምፒዩተሩ ሌት ተቀን 15 ቀን መሥራት አለበት፤ ወደ 20 ሰከንድ ማውረድ ከተቻለ ግን ሥራው በ24 ሰዓት ያልቃል። ጥራቱን በአንድ ምስል ብቻ መፍረድ ስሕተት ነው፤ ቆሞ ሲታይ ንጹሕ የሆነው ግድግዳ ፊልሙ ሲሄድ እንደሚርመሰመስ አሸዋ ሊታይ ይችላል። 48 ተከታታይ ፍሬሞች አውጥቶ አጫውቶ ማየት ይህን ቶሎ ያጋልጣል። ውጤቱም በአንድ የቪዲዮ ፋይል ሳይሆን ለየብቻ በሆኑ ምስሎች ይውጣ፤ ኮምፒዩተሩ በመሐል ቢጠፋ ካቆመበት ፍሬም መቀጠል ይቻላል።

ካሜራው በአንድ ዕቃ ዙሪያ ሲዞር ወይም ማሽን ሲሽከረከር ግን ስሪዲ ተወዳዳሪ የለውም። በፊልማችን ውስጥ ያሉት የሰዓቱ ባለ ጥርስ ጎማዎች በእጅ ቢሳሉ ጥርሶቹ በየፍሬሙ መጠናቸው ይዛባል፤ በስሪዲ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ናቸው።

«አንዱን ስልት መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ግድ ነው፤ መደባለቅ ፊልሙን የተለጣጠፈ ያስመስለዋል።»

የሚያስመስለው የእንቅስቃሴው ፍጥነት እና የመስመሩ ውፍረት ሳይገጥም ሲቀር ነው። ሰዎቹ በየሁለት ፍሬሙ እየተለወጡ ጎማዎቹ በየፍሬሙ ለስላሳ ሆነው ከዞሩ፣ ዓይን ወዲያውኑ ይለያቸዋል። በብሌንደር የፍሬም ክልል በሚሞላበት ቦታ `Step` የሚለውን 2 አድርጎ በየሁለተኛው ፍሬም ብቻ ማውጣት፣ በቅንብር ጊዜም እያንዳንዱን ምስል ለሁለት ፍሬም ማቆየት ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ የሬንደሩንም ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። የልጅቷም መዞር በዚሁ መንገድ ይፈታል፤ ሁለተኛ አሻንጉሊት ከመገንባት ይልቅ ዞር የምትልበትን ግማሽ ሰከንድ በስድስት ስዕሎች በእጅ ስሎ በአሻንጉሊቱ ቦታ መተካት ነው። ስድስቱ ስዕሎች አሻንጉሊቱ በሾቱ ውስጥ በሚታይበት ልክ ይሳሉ፤ በትልቁ ተስለው በኋላ ካነሱ መስመራቸው ይቀጥንና መተካቱ ይታወቃል።