ረጅሙ ዓምድ እና የረጠበው እሽግ

«ፓሬቶ ማለት 80 በ20፣ ማለትም 80 በመቶው ቅሬታ ከ20 በመቶው ምክንያት ይመጣል ማለት አይደል?»

አይደለም። የፓሬቶ ግራፍ ቅሬታዎችን በዓይነት ከፍሎ የእያንዳንዱን ብዛት በዓምድ ቁመት ከረጅሙ ወደ አጭሩ የሚደረድር ግራፍ ነው። ጣሊያናዊው ምጣኔ ሀብት አዋቂ ቪልፍሬዶ ፓሬቶ የመረመረው የሀብት ክፍፍልን ነበር። ስሙን ከጥራት ሥራ ጋር ያቆራኘው ጆሴፍ ጁራን ሲሆን፣ እርሱም በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ስያሜው የራሱ ስሕተት እንደነበር አምኗል። 80 እና 20 ተደምረው መቶ መሙላታቸው አጋጣሚ ነው፤ አንዱ የቅሬታ ድርሻ፣ ሌላው የምክንያት ድርሻ ስለሆነ መደመራቸው ራሱ ትርጉም የለውም። ሁለት ዓይነት ቅሬታ ከጠቅላላው 60 በመቶውን ከያዘ የት እንደሚጀመር ታውቋል። ዓምዶቹ ሁሉ እኩል ሆነው ከወጡ ደግሞ አከፋፈላችሁ አልተሳካም፤ በሰፈር፣ በሰዓት ወይም በምርት ዓይነት እንደገና ክፈሉት።

«መጀመሪያ ሶፍትዌር እንግዛ።»

ደብተር፣ እርሳስና ማስመሪያ ይበቃሉ።

«"ሌላ" የሚለው ዓምድ ቢረዝም ምን ይጎዳል?»

ቦታው ቁመቱ ምንም ይሁን ምን መጨረሻ ላይ ነው። ከፊተኞቹ ጋር መፎካከር ከጀመረ ግን መዝጋቢው ማሰብ ሲሰለቸው የወረወረበት ቅርጫት ሆኗል ማለት ነውና ደብተሩን ከፍታችሁ አንብቡ።

«ረጅሙን ዓምድ አይተናል፤ በቃ እርሱን እናጥፋ።»

ይህን በስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ልቆጥር ብል እርሱ ራሱ አንድ ዓምድ ይወጣዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ለሱቆች የታሸገ ውኃ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት በጥር እና በየካቲት የመዘገባቸውን 150 ቅሬታዎች ይዤ ልንገራችሁ።

የሽያጭ ኃላፊው ግራፉን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ጠበቀኝ። «ዘግይቶ መድረስ» 54 ሆኖ እንደ ግንብ ቆሟል፤ ከአጠገቡ ያሉት ሁሉ ድንክ ናቸው። ሁለት መኪና ለመጨመር ዋጋ ማጠያየቅ ሁሉ ተጀምሯል። እኔ ግን ግራፍ ከማየቴ በፊት ደብተር ማየት ልማዴ ነው። ስልክ ተቀባይዋ ደንበኛው የተናገረውን ቃል በቃል ስትጽፍ ኖራለች፤ ለሥራዋ አመሰግናታለሁ። ግራፉን የሠራው ሰው ግን «ፈሰሰ» 17፣ «ክዳኑ ላላ» 12፣ «እሽጉ ረጥቦ መጣ» 10 እያለ ሦስት ዓምድ አቁሞላቸዋል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ውኃው ከክዳኑ ሥር ያንጠባጥባል። ሲደመሩ 39 ይሆናሉ። የተቀደደ ማሸጊያ 18፣ የቁጥር ጉድለት 15፣ የተንሻፈፈ መለያ ወረቀት 9፣ ሌላ 15 ነበር። መዘግየትና ማንጠባጠብ ብቻቸውን 93 ወይም 62 በመቶ ሆኑ።

«ቢሆንስ፣ መዘግየቱ አሁንም ይበልጣል» አለኝ ኃላፊው። በቁጥር አዎን። ከሒሳብ ክፍል የመተኪያና የመመለሻ ወጪውን አስመጣንና እነዚያኑ ቅሬታዎች በብር ቆጠርናቸው። መዘግየት በቅናሽ መልክ ያስወጣው 2,700 ብር ነው። ማንጠባጠብ 31,200። ቀሪዎቹ ሲደመሩ 5,700። ከወጣው 39,600 ብር ውስጥ ወደ 79 በመቶው በክዳን ሥር ፈስሷል። ሁለተኛውን ግራፍ ከመጀመሪያው ጎን ስንለጥፈው የመኪናው ግዥ ወሬ በረደ።

ብሩም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። ሳቢያን ሰፈር ያሉ አንዲት ባለ ሱቅ «ልጄ፣ ሲዘገይ እደውላለሁ፤ ሲያንጠባጥብ ግን ማን ይጨቃጨቃል፣ የሌላ ድርጅት ውኃ አመጣለሁ» ብለውኛል። ስለዚህ የተመዘገበው 39 ትንሹ ቁጥር ነው። ዝም ብሎ የሄደ ደንበኛ በየትኛውም ዓምድ ውስጥ የለም፤ እርሱን ለማግኘት ትእዛዝ ያቆሙ ሱቆችን ዝርዝር ይዞ በእግር መዞር ያስፈልጋል።

ዋናው የምናደድበት ነገር ገና አሁን ይመጣል። «ማንጠባጠብ» የምልክት ስም እንጂ የምክንያት ስም አይደለም። ስብሰባው ግን ወዲያው ፍርድ ሰጠ፦ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ቸልተኞች ናቸው! አንገቱ ላይ የታተመውን ቀንና ሰዓት ከተመለሱት ጠርሙሶች ሰብስበን ስንደረድር በቀኑም በሌሊቱም፣ በሰኞውም በቅዳሜውም ተበትኖ ተገኘ። ጥፋቱ የሰው ቢሆን በአንድ ፈረቃ ላይ ይከማች ነበር። ሁልጊዜ ያለ፣ ነገር ግን ጥቂት ጠርሙስ ብቻ የሚነካ ነገር መሆን አለበት።

የክዳን ማሽኑ ስምንት ራሶች አሉት፤ እየዞሩ በየተራ ይከድናሉ። ከመስመሩ ላይ 40 ጠርሙሶችን በወጡበት ቅደም ተከተል አነሣን፤ ይህም ማሽኑ አምስት ጊዜ ዞረ ማለት ነው። በክዳናቸው ላይ ተራ ቁጥር ጻፍንና እያንዳንዱን ለመክፈት የሚጠይቀውን ጉልበት፣ ሜካኒኮቹ ቶርክ የሚሉትን፣ በመለኪያ ለካን። 3ኛው፣ 11ኛው፣ 19ኛው፣ 27ኛው እና 35ኛው በጣት ብቻ ተከፈቱ። ሌሎቹ 35ቱ ደህና ነበሩ። በየስምንት የሚመጣ ጥፋት የአንድ ራስ ጥፋት ነው። ሜካኒኩ ሲፈታው ጥብቀቱን የሚቆጣጠረው ክላች ተበልቷል። ላልቶ የተከደነው ጠርሙስ ሁሉ ሱቅ ሲደርስ አይፈስም፤ ከታች ተደርድሮ ክብደት ሲጫነው ወይም መኪናው ሲያንገጫግጨው ነው የሚያንጠባጥበው። ቅሬታው ብዙ ያልነበረው ለዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ክዳኑን ሁሉ አጥብቁት ብሎ ማዘዝ መፍትሔ አይደለም። ከልክ በላይ የጠበቀ ክዳን ጥርሱ ይዘላል፤ እርሱም ያንጠባጥባል፣ ደንበኛውም መክፈት ያቅተዋል።

«ከጥገናው በኋላ እንኳን መዘግየቱ ጨመረ፤ ብሶብናል።»

በግንቦት እና በሰኔ የተመዘገበው መዘግየት 66 ነው፤ ከ54 ይበልጣል። ነገር ግን የድሬዳዋ ሙቀት በዚያ ወቅት ምን እንደሆነ ከተማው ያውቃል፤ የተሸጠው እሽግም ከ40,000 ወደ 60,000 አድጓል። በ10,000 እሽግ ሲሰላ መዘግየት ከ13.5 ወደ 11 ወርዷል። ማንጠባጠቡ ከ39 ወደ 18፣ በ10,000 ደግሞ ከ9.8 ገደማ ወደ 3 ዝቅ ብሏል። ሁለቱን ዘመን ስታነጻጽሩ በተሸጠው መጠን አካፍሉ፤ ግራፎቹንም በአንድ ዓይነት ልኬት ሥሩ። ልኬቱ ከተለያየ የቀነሰውም ዓምድ ወረቀቱን ሞልቶ ይታያል።

መዘግየቱንም አልተውነውም። 66ቱን በመድረሻ ሰዓት ስንከፍላቸው 41ዱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ የደረሱ ናቸው። በዚያ ሰዓት በሙቀቱ የተነሣ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ሹፌሩ በር ያንኳኳል፣ ይመለሳል፣ ውኃው አመሻሽ ላይ ወይም በማግስቱ ይደርሳል። አሁን ለከዚራና ለሳቢያን የሚሄደው ጭነት ማታውኑ ተጭኖ ያድራል፤ መኪናው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። መኪና አልተገዛም።